ልጄ መሬት አልረገጠም

ዛሬ ትንሽ ይረዝማል። ጊዜ ያለው አሁን ያንብብ፣ የሌለው ማታ ይመለስበት። ጉዳዩ ፎቶ ቤት ለሚሠሩት ብቻ ሳይሆን ለምታሠሩትም ይሆናል።

ባለፈው ክረምት አንዲት የማውቃቸው እናት ቤት ድረስ መጡ። ከነጠላቸው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ትልቅ ፎቶ አወጡ። ሴት ልጃቸው የተመረቀች ዕለት ፒያሳ ላይ የተነሱት ነው። ዝናቡ ገና ማባራቱ ስለነበር አስፋልቱ ያብረቀርቃል፤ ሰማዩ ነጭ ደመና ነው። እናትየው በሀገር ልብስ፣ ተመራቂዋ በጥቁር ጋዋን፣ ታናሽየዋ በቀይ ሹራብ ቆመዋል። በቀኝ ጥግ ደግሞ ወንድ ልጃቸው አለ። እሱ ግን ያን ዕለት አልነበረም፤ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። "ልጆቼ ሁሉ አንድ ላይ ይሁኑልኝ" ብለው ፎቶ ቤት ነው ያስገቡት።

ፎቶውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጉና "መምህር፣ እስቲ እየው። ልጄ መሬት አልረገጠም" አሉኝ።

አየሁት። ፊቱ በደንብ ተቆርጧል፣ ቁመቱ ልክ ነው፣ የቆዳው ቀለም ከእህቶቹ ጋር ይሄዳል። ነጸብራቅም ተሠርቶለታል። ግን እውነታቸውን ነው፤ ልጁ ተንሳፏል።

ነገሩን ለአንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነገርኩት። እሱም በኤዲት ነው የሚተዳደረው፤ ያንን ፎቶ ግን እሱ አልሠራውም። ምን አለኝ መሰላችሁ? "ቲቸር፣ ፊቱ ካማረ ማንም እኮ ወደ ታች አያይም። ገልብጠህ ታደበዝዛለህ፣ በቃ።" ይቺ "ገልብጠህ ታደበዝዛለህ" የምትባል ነገር ናት ዛሬ የምታጽፈኝ። እኔ የምለው ደግሞ ይሄ ነው፦ ሁሉም ሰው ወደ ታች ያያል። ምን እንደጎደለ መናገር ያቅተዋል እንጂ ይሰማዋል። እኚያ እናት ፎቶሾፕ የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም፤ ግን ከኤዲተሩ ቀድመው አዩት።

ፋይሎቹን አስመጣሁና ሁለት ማታ ተቀመጥኩበት። የተሳሳተውን አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ እግሩ። ልጁ የተነሳው የቤታቸው ግቢ ውስጥ ነው፤ ቀኝ እግሩን ወደ ፊት፣ ግራውን ወደ ኋላ አድርጎ ቆሟል። ከፊት ያለው እግር ለካሜራው ስለሚቀርብ ፎቶው ላይ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ የኋላው ከፍ ይላል። በዚህ ፎቶ የሁለቱ ልዩነት 40 ፒክስል ነበር። ኤዲተሩ ልጁን በሙሉ ኮፒ አድርጎ Flip Vertical ብሎታል፣ ከዚያ የፊተኛውን ጫማ ከነጸብራቁ ጋር አገጣጥሞታል። የፊተኛው ገጠመ። የኋላው ግን? እውነተኛው ጫማ ከመገጣጠሚያው መስመር 40 ፒክስል ወደ ላይ ነው፤ ግልባጩ ደግሞ ከዚያው መስመር 40 ፒክስል ወደ ታች ወረደ። በመሃላቸው የ80 ፒክስል ክፍተት ተፈጠረ። እናትየው "አልረገጠም" ያሉት ይህን ነው።

ክፍል ውስጥ ስለ ጠፍጣፋ መስታወት ስናስተምር ሁሌ የምንለው ነገር አለ፦ ምስሉ ከመስታወቱ ኋላ ያለው ርቀት ዕቃው ከመስታወቱ ፊት ካለው ርቀት ጋር እኩል ነው። መሬት መስታወት ከሆነ፣ መሬት የነካ ነገር ርቀቱ ዜሮ ነው። ስለዚህ መሬት የነካ ነገር ሁሉ ነጸብራቁን በነካበት ቦታ ላይ መንካት አለበት። ሰውየው በአንድ መስመር አይገለበጥም፤ እያንዳንዱ እግር በራሱ መርገጫ ላይ ነው የሚገለበጠው።

ማስተካከያው ከባድ አይደለም። ግልባጩን ሦስት ቦታ ቆረጥኩት። የፊተኛው እግር ባለበት ቀረ። የኋላውን እግር 80 ፒክስል ወደ ላይ አነሳሁት፣ ከጫማው ጋር ገጠመ። ከወገብ በላይ ያለው አካል በሁለቱ እግሮች መሃል ስለሚያርፍ ግማሹን፣ 40 ፒክስል አነሳሁት። ጉልበቱ አካባቢ የተፈጠረውን መሰባበር በ Warp አለሳለስኩት። ይህ ብቻ ሲሠራ ልጁ ከተንሳፈፈበት ወረደ። ቀለሙን ገና አልነካሁትም።

ሁለተኛው ስሕተት ረቂቅ ነው፤ ከሰው ይልቅ በሲኒ ይገባል። ቤታችሁ የሚያብረቀርቅ ጠረጴዛ ካለ አንድ ሲኒ ቡና አስቀምጡበትና ተቀምጣችሁ እዩት። ከላይ ስለምታዩት የሲኒው አፍ ክብ ሆኖ ይታያል፣ ውስጡ ያለው ቡናም ይታያል። አሁን ነጸብራቁን ተመልከቱ። ቡናው አለ? የለም። የሲኒው የውጭ ግድግዳና የከንፈሩ ጠርዝ ብቻ ነው ያለው። ምክንያቱም ጠረጴዛው ሲኒውን የሚያየው ከታች ነው። ነጸብራቅ ማለት ካሜራችሁ ከጠረጴዛው በላይ ባለው ርቀት ልክ ከጠረጴዛው በታች ሌላ ካሜራ ብታስቀምጡ የሚያየው ነገር ነው፤ ተገልብጦ።

አሁን ያንኑ ሲኒ ፎቶ አንስታችሁ በኮምፒውተር ገልብጡት። ቡናው በነጸብራቁ ውስጥ ይታያል! እውነተኛ ሲኒ ቢሆን ቡናው ፈሶ ነበር። ሌላም አለ። የሲኒው ቂጥ ከፊት ለፊት ሲታይ ወደ እናንተ ያጎበጠ ቅስት ነው። ስትገለብጡት ቅስቱም ተገለበጠ፤ ስለዚህ ሲኒውና ግልባጩ መሃል ላይ በአንዲት ነጥብ ብቻ ይነካካሉ፣ ግራና ቀኙ ክፍት ይሆናል። በእውነተኛው ነጸብራቅ ግን የቂጡ ቅስትም የከንፈሩ ቅስትም ወደ እናንተ ነው የሚያጎብጡት። ስለዚህ ግልባጩን በ Warp መሃሉን ወደ ታች፣ ጎንና ጎኑን ወደ ላይ ማጉበጥ፣ ቡናው የሚታይበትን አፍ ደግሞ በውጭው ግድግዳ መሸፈን ግድ ነው። ለካፌና ለጀበና ቡና ማስታወቂያ የምትሠሩ ልጆች፣ ይቺን ብቻ ብታስተካክሉ ትልቅ ለውጥ ነው።

ሰው ላይ ይህ ስሕተት ያንሳል፤ ራቅ ብሎ የቆመ ሰው ከላይም ከታችም ሲታይ ብዙ አይለያይም። ጫማው ላይ ግን ይታወቃል። የልጁ ጫማ ከላይ ስለተነሳ ማሰሪያው በሙሉ ይታያል፤ ግልባጩ ላይም ያው ማሰሪያ አለ። አስፋልት የጫማ ማሰሪያ ከላይ አያይም። የጫማውን ግልባጭ በቁመቱ ጨፍልቄ የፊቱንና የሶሉን ጠርዝ ብቻ አስቀረሁ።

ሦስተኛው ብርሃኑ ነው፤ ብዙ ልጆች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። ኤዲተሩ የነጸብራቁን ሌየር Screen ላይ አድርጎ ከመቶ 40 ላይ አደብዝዞታል። Screen ብርሃን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ልጁ የለበሰው ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ሱሪ ነው። ውጤቱ ምን ሆነ? ሸሚዙ አስፋልቱ ላይ እንደ አምፖል በራ፣ ሱሪው ጨርሶ ጠፋ።

አሁን ከጎኑ ያሉትን እዩ። የእናትየው ነጭ የሀገር ልብስ አስፋልቱ ላይ ብዙም አይታወቅም። የተመራቂዋ ጥቁር ጋዋን ግን ወፍራም ጥቁር ሆኖ ወርዷል። ልክ የልጁ ተቃራኒ! ለምን? እርጥብ አስፋልት ያን ዕለት የሚያበራው የራሱ ሆኖ አይደለም፤ ነጩን ደመና እያንጸባረቀ ነው። ሰው ሲቆምበት የደመናውን ብርሃን ከልክሎ በቦታው የራሱን ይሰጣል። ጋዋኑ የሚሰጠው ብርሃን ከደመናው በጣም ስለሚያንስ መሬቱ ይጠቁራል። ነጭ ልብስ ለደመናው ስለሚቀርብ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ስለዚህ በነጭ ሰማይ ሥር ነጸብራቅ በአብዛኛው ጨለማ ነው። Screen ሊሠራ የሚችለው ጀርባው ጨለማ በሆነበት ቦታ ነው፤ ለምሳሌ ማታ የመኪና መብራት አስፋልት ላይ ሲያርፍ፣ ወይም ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ ጥቁር ጠረጴዛ ላይ። በቀን ብርሃን Normal ላይ ተውትና በማስክ መጥኑ።

ምጣኔውስ? "ነጸብራቅ ወደ ታች እየራቀ ሲሄድ ይደበዝዛል" ትላላችሁ፣ ልክ ነው፤ ግን ምክንያቱን ማወቅ መጠኑን ለማወቅ ይረዳል። ሐይቅ የሄዳችሁ ታስታውሳላችሁ። ዳር ቆማችሁ እግራችሁ ሥር ስታዩ ውሃው ውስጥ ያለው ጠጠር ይታያል፤ ቀና ብላችሁ ወደ ማዶ ስታዩ ግን ሰማይና ተራራ ብቻ ነው። ውሃው ያው ነው፤ የተለየው የምታዩበት አንግል ነው። ፍሬኔል የሚባል ፈረንሳዊ ከ200 ዓመት በፊት ሕጉን አስቀምጦታል። ውሃ ቀጥ ብሎ ከላይ ሲታይ ከመቶ 2 ያህል ብርሃን ብቻ ይመልሳል፤ በጣም ጋደል ብሎ ሲታይ አብዛኛውን።

በእኛ ፎቶ እናስላው። ካሜራው 1.4 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሰዎቹ 5 ሜትር ርቀት ላይ ናቸው እንበል። ከጫማው ሥር ያለው መሬት በጣም ጋደል ብሎ ስለሚታይ ውሃው ከመቶ 20 ያህል ይመልሳል። የደረቱ ነጸብራቅ የሚወድቅበት ቦታ ለካሜራው ስለሚቀርብ ከላይ ወደ ታች ነው የሚታየው፤ እዚያ ከመቶ 7 ገደማ ነው። ማለትም ከጫማ እስከ ደረት ጥንካሬው ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። ወጥ የሆነ ከመቶ 40 ልክ ሊሆን የማይችለው ለዚህ ነው። እኔ ማስኩ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚሳሳ ግራዲየንት አደረግሁ፤ መነሻውን ግን ከራሴ አልፈጠርኩትም። በእሱ ቁመት ልክ የጋዋኑ ነጸብራቅ ምን ያህል እንደጠቆረ በቀለም መልቀሚያው ለካሁና የልጁን ሱሪ እዚያው አደረስኩት።

እዚህ ላይ ነው ዋናው አስተያየቴ ያለው። ፎቶው ውስጥ መልሱን የያዙ ሰዎች ቆመዋል። እህቱ አጠገቡ ናት! የነጸብራቋ ጥቁረት፣ ድብዘዛው፣ ርዝመቱ፣ ሁሉም ተሰጥቷል። ኤዲተሩ ግን ከጎን ያለውን ሳይጠይቅ ከሌላ ቦታ የለመደውን ቁጥር አመጣ። ፈተና ላይ ኮርጆ ማለፍ ነውር ነው፤ እዚህ ግን ከጎን መኮረጅ ግዴታ ነው፣ እባካችሁ።

ድብዘዛውም እንዲሁ ከጎን ነው የሚወሰደው። እርጥብ አስፋልት ጠጠሩ ወጣ ገባ ስለሆነ ምስሉን ወደ ጎን ሳይሆን በይበልጥ ወደ ላይና ወደ ታች ይጎትተዋል። ከጫማው አጠገብ ጥርት ያለ ነው፤ እየራቀ ሲሄድ ይዘረዘራል። ስለዚህ ተራው Gaussian Blur አይመስልም፤ Motion Blur በ 90 ዲግሪ ነው የሚቀርበው። ጫማው ጋ ምንም አላደበዘዝኩም፣ ጉልበቱ ጋ 12 ፒክስል፣ ደረቱ ጋ 40 አደረግሁ። ይህ ቁጥር ለእኔ ፎቶ ነው፤ እናንተ ከአጠገቡ ካለው ሰው ጋር እስኪመሳሰል ሞክሩ። ውሃ ያቆረበት ቦታ ካለ እዚያ ላይ አታደብዝዙ፤ ያ መስታወት ነው። የደረቀ ቦታ ካለ ደግሞ ነጸብራቁን በማስክ አጥፉት። በልጁ ሥር አንድ የደረቀ ጠጋኝ ነበር፤ የመጀመሪያው ኤዲተር በላዩ ላይ ነጸብራቅ አሳልፎበታል።

አንድ የደሴ ጉድ ልጨምር። ከተማችን ዳገትና ቁልቁለት ናት። መንገዱ ወደ ጎን ካዘነበለ ነጸብራቁም ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ከቀጥታው የሚወጣው የመንገዱን ዝንባሌ እጥፍ ነው። መንገዱ 3 ዲግሪ ካዘነበለ ነጸብራቁ 6 ዲግሪ ይጋደማል። ያቆረ ውሃ ግን ሁልጊዜ ጠፍጣፋ ስለሆነ ቀጥ ያለ ነው። በዚህ ፎቶ የሦስቱም ሴቶች ነጸብራቅ ትንሽ ወደ ግራ ጋደል ብሏል፤ የልጁ ብቻ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እኔ ራሴ ይህን ያየሁት በሁለተኛው ማታ ነው። ፎቶውን ዘቅዝቄ የላይኛውን ግማሽ በወረቀት ሸፍኜ ነጸብራቆቹን ብቻ ሳይ ወዲያው ታየኝ። ይህን ዘዴ ያዙት፤ ፊቶቹ ሲሸፈኑ ዓይን ይታዘዛል።

የማይድን ፎቶም አለ። ልጁ የተነሳው ከፍ ካለ ደረጃ ላይ ሆኖ ቁልቁል ቢሆን ኖሮ ምንም ነጸብራቅ አያድነውም ነበር፤ ገላው ራሱ ከእህቶቹ ጋር በአንድ መሬት ላይ አይቆምም። ደግነቱ ያነሳው ሰው ካሜራውን ደረቱ ላይ ይዞ ነበር። እንዲህ ያለው ካልገጠመ ደንበኛን "አይሆንም፣ ሌላ ፎቶ አምጡ" ማለት ነው የሚሻለው። ወይም ከወገብ በላይ ቆርጦ መሬቱን ማስቀረት። ይሄ ሽንፈት አይደለም።

ተማሪዬ ይህን ሁሉ ሰምቶ "ቲቸር፣ በዚህ ዋጋ ሁለት ማታ ማን ይቀመጣል?" አለኝ። ጥያቄው ልክ ነው፤ እኔም ስለማላተርፍበት ነው ሁለት ማታ የተቀመጥኩት። ግን ከዚህ ውስጥ እግርን በራሱ መርገጫ ማገጣጠምና Screen ን ወደ Normal መመለስ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም፤ ከስሕተቱ ግማሹ በላይ ደግሞ እዚያ ነው። የቀረውን ለመሥራት ዋጋው ከፍ ይበል፣ ለደንበኛው ይነገረው። እናት ለሞተ ልጇ ፎቶ ስታሠራ "ማንም አያየውም" የሚባል ሥራ የለም። ሌላው ሰው አንዴ አይቶ ያልፋል፤ እሷ ግን ግድግዳ ላይ ሰቅላ በየቀኑ ነው የምታየው።

አዲሱን አሳትሜ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው አዩት። ስለ ነጸብራቁ ምንም አላሉም። ጣታቸውን ጫማው ላይ አድርገው "ይቺን ጫማ እኮ እኔ ነኝ የገዛሁለት" አሉ።

ፎቶ ቤት የከፈታችሁ ልጆቼ፣ ዛሬ ማታ አንድ ያስረከባችሁትን ሥራ አውጡና ዘቅዝቃችሁ፣ ፊቱን ሸፍናችሁ እዩት። ያገኛችሁትን ጻፉልኝ።